«ያው የኛው ነው» የምትለዋ ቃል

ዛሬ ብሶቴን ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ደብረ ማርቆስ የእህል መደብር አለን። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ስንዴ፣ አልፎ አልፎም ሽምብራ። ንግድ ፈቃዱ በአባዬ ስም ነው። ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ። በሒሳብ መዝገብ አያያዝ ዲፕሎማ አለኝ፣ ሌላ ቦታ ብቀጠር ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር። እዚህ ግን ደመወዝ የለኝም። ስጠይቅ «ሁሉም ያንቺ አይደል እንዴ?» እባላለሁ። የእማዬ ወንድም ልጅ ግን መጋዘን ጠባቂ ተብሎ በወር 9,000 ብር ይወስዳል። ለምን ሲባል «እሱ እኮ የሰው ልጅ ነው፣ እንዴት በነጻ ይሠራል?» እንግዲህ ልጅ ስለሆንኩ አይከፈለኝም፣ እሱ ዘመድ ስለሆነ ይከፈለዋል። ይህን ሒሳብ ዲፕሎማዬ ውስጥ አላስተማሩኝም።

የቤተሰብ ንግድ የሌላችሁ ሰዎች ችግሩ ሌብነት ይመስላችኋል። ሌባ ቢኖር እኮ ቀላል ነበር፣ ይያዛል፣ ይባረራል። የኛ ችግር «ያው የኛው ነው» የምትለዋ ቃል ናት። አክስቴ መጥታ ጤፍ ስትወስድ «ያው የኛው ነው»። አጎቴ 5,000 ብር ሲበደር «ያው የኛው ነው»። እህሉ ከመጋዘን ሲወጣ የኛ ነው፣ ለአርሶ አደሩ ስንከፍል ግን ብሩ የኛ ብቻ ነው።

እስኪ አንድ ኩንታል ጤፍ ይዤ ላሳያችሁ። ለምሳሌ በ13,000 ብር ገዛነው፣ በ13,700 ሸጥነው እንበል። ሰው 700 ብር አተረፉ ይላል። ግን ጫኝና አውራጅ 100 ብር ይወስዳል። ደላላው 100። ጆንያው 70። ሲራገፍ፣ ሲበጠር፣ ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ቢያንስ 1 ኪሎ ይጎድላል፣ እሱም 130 ብር ነው። ተደምሮ 400። በእጃችን የምትቀረው 300 ብር ናት። የመጋዘኑ ኪራይና የመብራቱ ገና አልተነሣም።

አሁን ዘመድ ይመጣል። የአጎቴ ልጅ ሚዛኑ ላይ ቆሟል። ለዘመድ ምርቃት ይጨምራል፣ በእፍኝ አይደለም፣ በሰፌድ! 2 ኪሎ ቢያልፍ 274 ብር ሄደ። ከ300 ብሩ 26 ብር ቀረልን። ይህም የተከፈለ ከሆነ ነው። ዘመዱ «መዝግቢልኝ» ብሎ ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ የሚጠፋው ትርፉ አይደለም፣ ዋናው ነው። 13,000 ብር በ300 ብር ትርፍ ለመመለስ ስንት ኩንታል መሸጥ አለብኝ? 43 ሸጬም ሙሉ አይሆንም። አክስቴ አንድ ኩንታል ጭና ስትሄድ እኔ የማየው አርባ ሦስት ጆንያ ተሰልፎ ነው። ይህን አንድ ቀን ቡና ላይ አስረዳኋቸው። እማዬ «ዘመድሽን በጆንያ ቆጠርሽ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ስሜ «ቆጣሪዋ» ሆኗል። የመብራት ቆጣሪ ማለታቸው ነው።

የበቆሎውን ነገር ደግሞ ስሙልኝ። ባለፈው ታኅሣሥ አባዬ ታሞ ተኛ። የአጎቴ ልጅ «እኔ እገዛለሁ» አለ። ጓደኞቹ አመጡለት፣ 15 ኩንታል በቆሎ ገዛ። ማታ ሄጄ እጄን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኔ ከተትኩ። ከላይ ቀዝቃዛ ነው፣ ከውስጥ ሞቅ ይላል። ደረቅ እህል ከውስጥ አይሞቅም። አንድ ፍሬ አንስቼ ነከስኩ። የደረቀ በቆሎ ጥርስ ስር «ቀጭ» ብሎ ይሰበራል። ይሄ ግን ጥርሴን ተቀብሎ ተጨፈለቀ። «እርጥብ ነው» አልኩት። «አንቺ ደብተርሽን ያዢ» አለኝ።

በማግሥቱ ሸራ ላይ አሰጣነው። ስናገላብጠው ከረምን። ደርቆ ሲመዘን 15 የነበረው 14 ሆነ፣ ማለትም ውሃ በእህል ዋጋ ገዝተናል። ከመሀሉ ደግሞ ሳይሰጣ የቆየው 3 ጆንያ ሻግቶ ተገኘና ተጣለ። ሻጋታ ያለበት በቆሎ ለሰውም ለከብትም አይሆንም፣ መርዝ አለው። «ለዶሮ እንሽጠው» ያለውን ዘመድ አልጠራውም። እሺ፣ ሰው ይሳሳታል። ግን ሌላ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ አባዬ ያንን ቀን አያሳድረውም ነበር። ለአጎቴ ልጅ ግን የተሰጠው ምክር ሆነ። ምክሩም «ሁለተኛ ጊዜ እህትህን አማክር» የሚል ነበር። እህቱ ማለት እኔ ነኝ። ደብተርሽን ያዢ የተባልኩት።

አሁን ግን የራሴን ጉድ ልናገር፣ ካልተናገርኩ ውሸታም እሆናለሁ።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ዋለ። ማታ መሳቢያውን ቆጠርኩ። ጠዋት ለመልስ 5,000 አስቀምጫለሁ። በጥሬው 6 ኩንታል ጤፍ ሸጠናል፣ 82,200 ብር። ከአርሶ አደር 3 ኩንታል ገዝተናል፣ 39,000 ወጣ። ለጫኝና ለምሳ 800። መሳቢያው ውስጥ 47,400 ብር መኖር አለበት። ያለው 36,400 ነው። 11,000 የለም!

እኔ ማንን ጠረጠርኩ? ይታወቃል። እራት ላይ፣ እንጀራው ሳይቆረስ፣ «የሚሰርቀን ሰው አብሮን ይበላል» አልኩ። የአጎቴ ልጅ እጁን ሰብስቦ ተነሣ። እማዬ «የወንድሜን ልጅ ሌባ አልሽው?» ብላ ለቅሶ። አባዬ ዝም። ትንሹ ወንድሜ ብቻ በላ፣ ይሄ ልጅ በጦርነት መሀልም ይበላል። በማግሥቱ እሁድ ቡናው ላይ በአቦል ሒሳብ ተጀመረ፣ በቶና ስድብ ሆነ፣ በረካው ሳይጠጣ ሰው ተበተነ።

ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ሰው እንደገና ጠየቅሁ። 6,000 ብሩን የወሰደው አባዬ ራሱ ነው። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ሲደርስ «ለሥጋ» ብሎ ሰጥቷል፣ ረስቶታል። 2,000 እማዬ ለማኅበሯ ቅቤ ልጅ ልካ አስወስዳለች። የአጎቴ ልጅ 2,500 ለባጃጁ ጎማ ወስዷል። ቀሪውን 500 ብር ማን እንደወሰደው ስፈልግ ስልኬን አየሁ። ካርድ የሞላሁበት እኔ ነኝ። ረስቼዋለሁ። «የሚሰርቀን» ያልኩት አፍ የኔው አፍ ነው።

ስለዚህ አልተሰረቅንም። አራት ሰው ከአንድ መሳቢያ ወስዷል፣ አንዱም አልጻፈም። ይሄ ነው የቤተሰብ ንግድ። እና ከአራቱ ትልቁን የወሰደው ባለቤቱ ነው። አባዬን ማን ይጠይቀዋል? ፈቃዱ በስሙ፣ ልጆቹ በስሙ።

ሐምሌ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ድራማ አለ። ግብር ለመሥራት ሒሳብ ባለሙያው «ወጪዎቻችሁን በደረሰኝ አምጡ» ይላል። የአክስቴ ጤፍ ደረሰኝ የለውም። የሰርጉ ሥጋ የንግዱ ወጪ አይደለም። የባጃጁ ጎማም አይደለም። ባለሙያው «ይሄ አይቀነስም» ይለኛል። ልክ ነው፣ የቤት ፍጆታ ወጪ ተብሎ አይያዝም። ስለዚህ ዘመዶቼ የበሉትን ትርፍ እንዳገኘን ተቆጥሮ ግብር እንከፍልበታለን። ይህን አባዬን ሳስረዳው «አንቺ ልጅ ከመንግሥት ጋር ወግነሻል» አለኝ።

የምችለውን ሞክሬያለሁ። መሳቢያው ላይ ትንሽ ደብተር በክር አሰርኩ። ማንም ሲወስድ ስሙን፣ ብሩን፣ ፊርማውን ያስቀምጥ አልኩ። አባዬ ለቤቱ በየወሩ የተቆረጠ ብር ይውሰድ፣ ከዚያ በላይ አይነካ አልኩ። እኔም፣ የአጎቴ ልጅም ደመወዛችን ይጻፍ፣ ብድሩም ከደመወዙ ይቆረጥ አልኩ። ሁሉም «ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ። ደብተሩን ከሦስት ሳምንት በኋላ ስከፍተው ሁለት መስመር ተጽፎበታል። ሁለቱም የኔ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የትንሹ ወንድሜ የቤት ሥራ አለ።

ከጠቡ በኋላ ሽማግሌ ገባ። ሦስት የተከበሩ አባቶች፣ ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። እኔ ደብተሮቼን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። አንዳቸውም አልከፈቱም! «እናንተ የአንድ እናት ልጆች ናችሁ፣ ገንዘብ ከሥጋ አይበልጥም» አሉ። የአጎቴ ልጅ ተነሣ፣ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔም ሳምኩ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባልን። ሌባ ስላልኩት ከልቤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ይገባዋል። ግን 2,500ዋ? 15 ኩንታሉ በቆሎ? የአክስቴ ጤፍ? ይቅር ተባለ፣ አለቀ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አባዬ «ባዶ እጃቸውን አይሂዱ» ብሎ ለእያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ጤፍ አስመዘነ። የሰፈረው የአጎቴ ልጅ ነው። ምርቃቱን አትጠይቁኝ።

ከእማዬ ጋር እስካሁን በደንብ አንነጋገርም። «ብዪ፣ ጠጪ» እንጂ ሌላ ወሬ የለም። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ቀን የሥራ ጠብ፣ ማታ የእራት ጠብ። ሌላ ሰው ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ቤቱ ይገባል። እኔ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ ቤት ስገባ አለቃዬ እግሩን ሲታጠብ አገኘዋለሁ። ውሃውን የማፈሰው እኔ ነኝ።

ይህን ስጽፍ ስልኬ ጠራ። የአጎቴ ልጅ ነው። ከይቅርታው በኋላ ድምጹ ማር ማር ይላል።

«እታለም፣ የልጄ ክርስትና ደርሷል። ሁለት ኩንታል ነጭ ጤፍ ላስጭን ነው። መዝግቢልኝ እሺ? ያው የኛው ነው።»