የአሰልጣኙ ስድብ ደብተር ላይ ይስፈር

«ልጄ 12 ዓመቱ ነው፤ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። የእግር ኳስ አሰልጣኙ ጓደኞቹ ፊት ያዋርደዋል። ‹ቤት ሄደህ ከተናገርክ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ› ብሎታል። ስልኬን ቦርሳው ውስጥ ከትቼ ድምፁን ልቅረጸው? ለማንስ ነው አቤት የምለው?»

እህቴ፣ ስልኩን ቦርሳው ውስጥ እንዳይከቱት። ሜሪላንድ ውስጥ የግል ንግግርን ተናጋሪዎቹ ሁሉ ሳይስማሙ በድብቅ መቅረጽ ወንጀል ነው፤ እስከ 5 ዓመት እስር ያስቀጣል። ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ ቢኖሩ ሕጉ ሌላ ነበር። እዚያ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። ሜዳ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ የተጮኸ ስድብ «የግል ንግግር» ነው ወይ የሚለውን ጠበቆች ይከራከሩበት። ለእርስዎ የአንድ ዶላር ደብተር ይበቃዎታል።

አቤቱታ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ወላጅ «ሁልጊዜ ልጄን ይሰድባል» ብሎ ይጽፋል። ክለቡም አሰልጣኙን ይጠይቃል። እሱ «እኔ እኮ ጠንካራ እንዲሆን ነው» ይላል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ይህንን ደግሞ ይመልከቱት፦

«ማክሰኞ፣ በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ 6:40። ልጄ ኳስ ሳተ። አሰልጣኙ ልምምዱን አስቁሞ ልጆቹ ሁሉ ፊት ‹የዚህ ቡድን ውርደት ነህ› አለው። በእሱ ምክንያት ብሎ ቡድኑን 10 ዙር አስሮጠ። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አጠገቤ ሌላ እናት ነበረች። ልጄ መኪና ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እራቱንም አልበላም።»

ይህን «ጠንካራ እንዲሆን ነው» ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እንዳይጽፉት፤ 12:40 ካሉ የሚያነበው ሰው እኩለ ቀን አልፎ ይመስለዋል። ስድቡን አሰልጣኙ በተናገረበት በእንግሊዝኛው፣ እንደሰሙት ያስፍሩት። ራስዎ ያዩትን ከልጁ ከሰሙት ለይተው ይጻፉ። ልጁንም «ምን ሆንክ?» ብለው አንዴ ይጠይቁትና የሚለውን በራሱ ቃል ይጻፉ። «መታህ? አስፈራራህ?» እያሉ ደጋግመው ከጠየቁት ቃሉ የእርስዎ ነው ይባልብዎታል።

«ቤት ከተናገርክ» የሚለውን ዛቻ ደግሞ ከሁሉም አስቀድመው ይጻፉት። ለእኔ ከስድቡ ይልቅ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ልጅን ከእናቱ ምስጢር የሚያስደብቅ ሰው ነገ ምን ሊያስደብቀው እንደሚችል አስቡት። አሰልጣኙ ለልጁ ለብቻው መልእክት ከላከም ቀኑ እንዲታይ አድርገው ስክሪንሾት ያንሱት። በአሜሪካ የስፖርት ፌዴሬሽኖች የልጆች ጥበቃ ደንብ መሠረት አሰልጣኝ ለልጅ ሲጽፍ ወላጅ ወይም ሌላ አዋቂ ሰው ማካተት አለበት።

ሁሉም ቁጣ ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ስፖርተኞች ላይ የሚደርስ በደልን የሚመረምር የሴፍስፖርት ማዕከል የሚባል ተቋም አለ፤ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ደንቡ ስሜት የሚጎዳ በደል የሚለው ተደጋጋሚ ወይም ከባድ የሆነውን ነው። ተገቢ ሥነ ሥርዓት ማስያዝና የተለመደ የስልጠና ዘዴ እዚህ ውስጥ አይገቡም። ልጅዎ አጨዋወቱ ደክሞ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቢቀመጥ በደል አይባልም። ስለተናገረ ከተቀመጠ ግን በቀል ነው፤ በቀል ደግሞ በደንቡ ክልክል ነው።

አቤት የሚሉት መጀመሪያ ለክለቡ ነው፤ የልጆች ደህንነት ኃላፊው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ሜዳ ዳር በቃል ነግረው እንዳይመለሱ። ኢሜይል ይጻፉ። ሦስት ክስተት ከነቀኑ ይበቃል። መጨረሻው ላይ ሦስት ጥያቄ ይጨምሩ፦ የሚያጣራው ማነው? እስከዚያ ልጄ ከማን ጋር ይሰለጥናል? በጽሑፍ መቼ ትመልሱልኛላችሁ? ካልመለሱ ያንኑ ኢሜይል ለስቴቱ የወጣቶች እግር ኳስ ማኅበር ይላኩት። ለሴፍስፖርት ማዕከልም በ uscenterforsafesport.org ማመልከት ይቻላል። ማዕከሉ በዋናነት የሚይዘው የወሲብ ጥቃትን ስለሆነ የስድብና የዛቻን ጉዳይ ብዙ ጊዜ ወደ ፌዴሬሽኑ ይመልሰዋል። ናቁኝ ብለው እንዳይተዉት። አሰልጣኙ ልጁን ከመታው ወይም «እመታሃለሁ» ካለው ግን ክለቡን አይጠብቁ፣ ለፖሊስ ይደውሉ።

በእኛ ዘንድ መምህርና አሰልጣኝ እንደ ወላጅ ነው፤ ይከበራል። አንዳንድ ዘመድም «እኛስ ተገርፈን አይደል ያደግነው?» ይልዎት ይሆናል። ያደግንበትን ሁሉም ያውቀዋል። ልጅዎ ግን ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ሆዴን አመመኝ የሚል ከሆነ እሱንም ደብተሩ ላይ ይጻፉት።

አንድ የምለምንዎት ነገር አለ። እንግሊዝኛው ከከበደዎት ልጁን አስተርጓሚ እንዳያደርጉት። ይህ የተሰደበውን ስድብ በራሱ አፍ ለክለቡ ሰዎች እንዲደግመው ማድረግ ነው። በአማርኛ ይጻፉትና የሚያምኑት አዋቂ ሰው ይተርጉምልዎት። ስብሰባ ከጠሩዎትም እሱኑ ይዘው ይሂዱ።