ሁለት ሽቦ 305 ቮልት አይወልድም

«በጠቀሷቸው ሦስት ቀናት በማከፋፈያ ጣቢያችን የተመዘገበ ብልሽት ስለሌለ፣ ጉዳቱ የደረሰው በሱቅዎ የውስጥ ዝርጋታ ችግር ነው፤ ስለሆነም የካሳ ጥያቄዎን አልተቀበልነውም።»

የኃይል አቅራቢው ድርጅት ለአቤቱታዬ የሰጠኝ መልስ ይህ ነው። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው የእኔን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ስለማንበቡ እጠራጠራለሁ፤ ቢያነብ ኖሮ ይህን ዓረፍተ ነገር ለመፈረም እጁ ይከብደው ነበር።

በአቤቱታዬ ላይ ያሰፈርኩት የሆነውን ብቻ ነው። ኅዳር 9 ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ20 ላይ አምፖሎቹ ከወትሮው በላይ ደመቁ፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ የሽያጭ መመዝገቢያው ማሽን ጠፋ፣ የተቃጠለ ሽታም ወጣ። ኅዳር 27 ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ45 ላይ ያው ነገር ተደገመና የማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ የቮልት መለኪያ ገዛሁ። ታኅሣሥ 14 ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ5 ላይ አምፖሎቹ ሲደምቁ መለኪያውን ሶኬት ላይ ሰክቼ 305 ቮልት አነበብኩ፤ ሰዓቱ ጭምር እንዲታይ ፎቶ አነሳሁት። ማተሚያው ግን አልዳነም። በሦስቱም ምሽቶች፣ በተመሳሳይ ደቂቃ፣ የጎረቤቴ ሱቅ መብራት ደብዝዞ ነበር፤ እርሱም ይህንን በጽሑፍ አረጋግጦ የራሱን የቆጣሪ ቁጥር አስፍሯል።

አንዱ ሱቅ ሲደምቅ ሌላው የሚደበዝዘው ለምን እንደሆነ ማንኛውም የመስመር ሠራተኛ ያውቃል። ከትራንስፎርመሩ የሚወጡት ኃይል የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች፣ ማለትም ፌዞች፣ እና ጅረቱ የሚመለስበት አንድ የጋራ ሽቦ፣ ማለትም ኒውትራል፣ ናቸው። በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት፣ በሁለት ፌዞች መካከል ደግሞ 380 ቮልት አለ። የጋራው ኒውትራል ከላላ ወይም ከተበጠሰ፣ በተለያዩ ፌዞች ላይ ያሉት የእኔና የጎረቤቴ ዕቃዎች ተከታትለው እንደተገናኙ ይሆኑና 380ውን ይከፋፈሉታል። ክፍፍሉም እኩል አይደለም። ለማስላት እንዲቀልል ሁለት ሱቆች ብቻ እንዳሉ እናስብ፤ ጎረቤቴ ከእኔ አምስት እጥፍ ኃይል የሚወስድ ምድጃ ቢያበራ፣ ለእኔ 317 ቮልት ገደማ ይደርሰኛል፣ ለእርሱ ደግሞ 63 ብቻ ይቀረዋል። የእኔ መለኪያ ያሳየው 305 ከዚህ ብዙም አይርቅም።

አሁን «የውስጥ ዝርጋታ» ወደሚለው እንምጣ። ወደ ሱቄ የሚገቡት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ አንድ ፌዝና አንድ ኒውትራል። ኒውትራሉ ከቆጣሪዬ ወዲህ ቢበጠስ ሱቁ ጨለማ ይሆናል እንጂ አይደምቅም። የላላ ማያያዣ፣ የተላጠ ሽቦ፣ ያረጀ ሶኬት እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ሆኖም ከውጭ 220 እየገባ አንዳቸውም በሶኬቴ ላይ 305 ቮልት ሊያደርሱ አይችሉም። ባለ ሦስት ፌዝ ደንበኛ ብሆን ክርክሩ ሊያስኬድ ይችል ነበር፤ እንዳልሆንኩ ግን የራሳቸው ቆጣሪ ይመሰክራል። ደግሞስ በእኔ ግድግዳ ውስጥ ያለ ሽቦ የጎረቤቴን መብራት በሌላ ቆጣሪ በኩል ተሻግሮ የሚያደበዝዘው በምን ተአምር ነው?

«የተመዘገበ ብልሽት የለም» የሚለውማ የሚያስከስሰው ራሳቸውን ነው። የጣቢያው መዝገብ የሚይዘው በአብዛኛው መስመር የተቆረጠበትን ጊዜ ነው። የኒውትራል መላላት ከልክ ያለፈ ጅረት አያስከትልም፤ ስለዚህ ፊውዝ አይቀልጥም፣ መቁረጫው አይዘልም፣ መዝገቡም ባዶ ይሆናል። የላላ ማያያዣ ደግሞ ንፋስ ሲያወዛውዘውና የምሽቱ ጭነት ሲያሞቀው ይለቅቃል፣ ተመልሶም ይነካካል። ጠዋት የመጡት የድርጅቱ ሠራተኞች 220 ለክተው በሰላም የሄዱትም በዚህ ምክንያት ነው።

መብረቅ ነው እንዳይሉ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ የመብረቅ ግፊትም የሚቆየው ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ እንጂ ሁለት ደቂቃ አይደለም። የጥገና ባለሙያው በጽሑፍ እንደገለጸው የመመዝገቢያው ማሽን ቫሪስተር ፈንድቷል። ቫሪስተር ድንገተኛ ግፊትን ለቅጽበት ይውጣል፤ ለደቂቃዎች የሚዘልቅ ከፍተኛ ቮልት ሲመጣበት ግን ራሱ ይቃጠላል። ቮልት ከልክ ሲያልፍ የሚቆርጥ መከላከያ አለመግጠሜን አምናለሁ። መከላከያ ቢኖረኝ ዕቃዬ በተረፈ ነበር፣ ምሰሶው ላይ ያለው ማያያዣ ግን ያው እንደላላ ነበር።

በሁለተኛው ደብዳቤዬ የጠየቅሁት ካሳውን ብቻ አይደለም። በትራንስፎርመሩና በምሰሶው ላይ ያሉት የኒውትራል ማያያዣዎች ተፈትተው እንዲታዩ፣ በእኔና በጎረቤቴ ቆጣሪዎች ላይም የቮልት መመዝገቢያ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሳምንት እንዲተከል ጠይቄያለሁ። የአንዱ ንባብ ሲወጣ የሌላው ከወረደ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያለ ክርክር ይታወቃል። ደብዳቤው ገቢ የሆነበት ማህተም ያረፈበት ግልባጭ በእጄ ነው። የተቃጠሉትን ሰሌዳዎችም አልጣልኳቸውም፤ ቀናቸው ተጽፎባቸው በካርቶን ውስጥ አሉ፤ መጥቶ ማየት ለሚፈልግ ባለሙያ ሱቁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው።