ሊዙ ሳያልቅ የሚያረጀው ሕንፃ

በሲንጋፖር፣ ጌይላንግ ሎሮንግ 3 በሚባለው ሰፈር 191 ቤቶች ነበሩ። የተሠሩት በ60 ዓመት ሊዝ መሬት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መንግሥት ለባለቤቶቹ ቁርጡን ነገራቸው፤ ሊዙ በ2020 መጨረሻ ያበቃል፣ አይራዘምም፣ ካሳም የለም። ቀኑ ሲደርስ መሬቱ ለመንግሥት ተመለሰ።

ብዙዎች ይህን ሲሰሙ «ሕንፃው እኮ የኔ ነው!» ይላሉ። ነበር። በብዙ አገር ሕግ ግን ውሉ ሌላ ካላለ ሕንፃ መሬቱን ይከተላል። ሊዙ ሲያልቅ ቤቱም ለባለመሬቱ ይሆናል። አንዳንድ ውል ደግሞ ይብሳል፦ «በራስህ ወጪ አፍርሰህ መሬቱን ባዶ አስረክብ» ይላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የመጨረሻው ቀን አይደለም። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሊዙ 15 ዓመት ቀርቶታል እንበል። ጣሪያው ያፈስሳል። አዲሱ ጣሪያ 30 ዓመት ያገለግላል፣ ዋጋው 1 ሚሊዮን ነው። ካሳ ከሌለ ባለቤቱ ሙሉውን ከፍሎ የሚጠቀመው ግማሹን ዕድሜ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ለባለመሬቱ ስጦታ ነው። ስለዚህ ምን ያደርጋል? ይለጥፋል፣ ይደፍናል፣ ዓመቱን ይገፋል። ልሽጠው ቢልም ገዢው ብድር ይፈልጋል፤ ባንኩ ደግሞ ብድሩ ከሊዙ በፊት ተከፍሎ እንዲያልቅ ይፈልጋል። የ20 ዓመት ብድር በ15 ዓመት ሊዝ አይሆንም። በመጨረሻ ባለመሬቱም በነፃ የሚረከበው የተጎሳቆለ ቤት ነው። ማንም አላተረፈም።

የጀርመን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1919 ለዚህ መላ አበጅቷል፤ ለእኔ የተሻለው እሱ ነው። ዘመኑ ሲያልቅ ባለመሬቱ ለሕንፃው ካሳ ይከፍላል። የካሳውን መጠን፣ አልፎ ተርፎም ጨርሶ አለመኖሩን፣ ተዋዋዮቹ በውል መወሰን ይችላሉ። ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ለተሠራ መኖሪያ ግን ካሳው በዚያን ጊዜ ካለው የገበያ ዋጋ ከሁለት ሦስተኛ በታች መሆን አይችልም።

ባለመሬቱ ገንዘብ ባይኖረውስ? መውጫ አለው። ሕንፃው ያገለግላል ተብሎ ለሚታሰበው ቀሪ ዕድሜ ሊዙን ላራዝም ብሎ፣ ዘመኑ ከማለቁ በፊት ማቅረብ ይችላል። የሊዝ ባለመብቱ እምቢ ካለ ካሳውን ያጣል። በአጭሩ፣ ወይ ክፈል ወይ አራዝም ነው ነገሩ።

አሁን ወደ ጣሪያው እንመለስ። በዚህ ሕግ፣ ውሉ ካሳን ካላስቀረ፣ አዲሱ ጣሪያ ካሳው ሲተመን ዋጋ ይጨምራል፣ ወይም በተራዘመው ዘመን ያገለግላል። አበዳሪውም ባዶ እጁን አይቀርም። በሕንፃው ላይ የነበረው የመያዣ መብት ወደ ካሳው ይሻገርለታል።