ወሬ ገዳዮችን ተጠንቀቁ

በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ደመወዝ፣ ያለ አበልና ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ቀን ከሌት የሚሠራው ብቸኛ ክፍል የሐሜት ክፍል ነው። የሰው ኃይል አስተዳደር አንዲት የዝውውር ደብዳቤ አስፈርሞ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ በመዝገብ ቤት በኩል እስኪያደርስ ቀናት ያልፋሉ። እኛ ግን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ በቴሌግራም እናደርሳታለን፣ ያውም ደብዳቤው ላይ ያልተጻፈውን ምክንያት ጨምረን። ድሮ ይህ አገልግሎት ቡና እስኪፈላ መጠበቅ ነበረበት። አቦል ላይ የሰውዬው ስም ይነሳል፣ ቶና ላይ ጠባዩ፣ በረካ ላይ ትዳሩ። ዛሬ ጀበናም ከሰልም አያሻም፤ «ሰማሽ?» የምትል አንዲት ቃል ትበቃለች።

ይህን የተቀደሰ ሥራ እናደናቅፋለን የሚሉ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ አያሰጉም። «ሰማሽ?» ሲባሉ የመጽሐፍ ጥቅስ የሚልኩትማ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ወሬ ይዞ የመጣው ሰው ያፍራል፤ ሲያፍር ይናደዳል፤ ሲናደድ ለሌላ ባልደረባ «እሷ ደግሞ ቅድስት ሆናልሃለች» ብሎ ይጽፋል። አንድ የነበረው ወሬ ሁለት ሆነ ማለት ነው። መልእክቱን ማንበባቸው በሁለቱ ምልክት ታይቶ ድምፃቸው የሚጠፋውም እንዲሁ ናቸው፤ ላኪው «ምን አስባ ነው?» እያለ ያችን ምልክት ሲያይ ይውላል። «እሺ።» ብሎ የሚዘጋውም ያው ነው። በቻት ላይ አራት ነጥብ የሚያስቀምጥ ሰው ወይ የአማርኛ መምህር ነው ወይ ተቆጥቷል።

ምንም ሳይጽፍ የሳቅ ምልክት ወይም አውራ ጣት ብቻ የሚለጥፈው ደግሞ የኛው ሰው ነው፣ ራሱ ባያውቀውም። ምንም አላልኩም ብሎ ያስባል። አውራ ጣቱ ግን ከወሬው ሥር እንደ ፊርማ ተቀምጧል፤ ነገሩ አንድ ቀን በስክሪን ሾት ሲወጣ እሱም አብሮ ይወጣል።

የሚያሰጉት ሌሎች ናቸው። አይገሥጹም፣ አይኮሳተሩም፣ ሐሜት የሚለውን ቃል በአፋቸው አያነሱም። ወዳጅነቱን ሳይነኩ ወሬውን ብቻ ይገድሉታል። ዘዴያቸውን እንድታውቁት አንድ ግድያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናሳያችሁ።

ወሩ ሰኔ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ቀናት ቀርተውታል፣ ሒሳብ ክፍል ወረቀት ውስጥ ተቀብሯል። ከቀኑ 8፡40 ላይ አንዱ ባልደረባ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «ሰማሽ? የግዢዋ ልጅ ዛሬም በ8 ሰዓት ተኩል ወጣች። ኃላፊው እያየ ዝም! እኛ እዚህ እንቃጠላለን። የሆነ ነገር ሳይኖር ይቀራል?»

ጤነኛ ሰው «ኧረ ተው!» ይላል። መቼም «ኧረ ተው» ሲጻፍ ክልከላ ይመስላል፤ ሲነበብ ግን «ቀጥል» ማለት ነው። «ማን ነገረህ?»ም፣ «ከመቼ ጀምሮ?»ም እንደዚያው። ጥያቄው ስለ ልጅቷ እስከሆነ ድረስ ምግብ ነው።

ወሬ ገዳይዋ ሁለት ሦስት ደቂቃ ትቆያለች። ወዲያው ብትመልስ ጓጉታ ስትጠብቅ የነበረች ትመስላለች፣ ሰዓት ብታሳልፍ የፈረደች። ከዚያ መልእክቱን እንደ ጤፍ ትነፋዋለች። ከ«ሰማሽ?» በኋላ አራት ዓረፍተ ነገር አለው፤ አንዱ ስለ ልጅቷ፣ አንዱ ስለ ኃላፊው፣ አንዱ ግምት። «እኛ እዚህ እንቃጠላለን» የሚለው ብቻ ስለ ራሱ ስለ ጸሐፊው ነው። እሱን ይዛ ሌላውን ትጥለዋለች፦ «ሰኔ እኮ ሰው ጨረሰ። አንተስ ትናንት አምሽተህ አልነበር?»

እሱም ሳያስበው ይገባላታል፦ «እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት! የዓመት ፈቃድ ከጠየቅኩ ሦስት ሳምንቴ ነው፣ መልስ የለም። እሷ ግን...»

ይህች «እሷ ግን» ሁለተኛዋ መንጠቆ ናት፤ እዚህ ላይ ጀማሪዎች ይወድቃሉ። ልጅቷን ለመከላከል ብለው «ምስኪን፣ ልጇ ታሞባት ይሆናል» ይላሉ። እግዜር ይስጣቸው! በቅን ልብ የተጣለች ግምት ለእኛ ጥሬ ዕቃ ናት፤ በማግስቱ የልጅቷ ልጅ ሆስፒታል ተኝቷል፣ በሦስተኛው ቀን መዋጮ ይሰበሰባል። ወሬ ገዳይዋ ይህን ስለምታውቅ አትከላከልም፣ አትከስም፦ «የእሷን አላውቅም። ያንተ ፈቃድ ግን ያናድዳል፤ በጽሑፍ ነው በቃል የጠየቅከው?»

«በቃል።»

«እንግዲያው ዓመቱ ሳይዘጋ በጽሑፍ አስገባው። 10 ሰዓት ላይ ሻይ እንውጣና አብረን እንጻፈው።»

ሻዩን ልብ በሉ። ሰውዬው የጀመረው ወሬ ስለተቆረጠ እንዳይከፋው ግብዣው ካሳ ነው፤ በዚያ ላይ ነገሩን ከቻት ያወጣዋል። በቻት የተጻፈ ነገር ደግሞ ሲተላለፍ፣ አስተላላፊው ካልደበቀው በቀር የጸሐፊውን ስም ይዞ ይሄዳል። ከሁለቱም ስልክ ቢያጠፉት እንኳ ቀድሞ የተላለፈውና ፎቶ የተነሳው አይጠፋም። ለኛ በረከት የሆነው ይህ ነገር እነሱን ያስፈራቸዋል።

ወሬኛው ተመልሶ ቢመጣ፣ ያው ሰውም አይደል ይመጣል፣ ጥፋቱን በራሷ ላይ ታደርጋለች፦ «እኔ ፊቴ ያሳብቅብኛል፤ ነገ ሳያት ትነቃብኛለች። ለኔ ባትነግረኝ ይሻላል።» ይህን የተባለ ሰው ስቆ ይተዋል እንጂ በምን ይቀየማል?

በዕድሜ ለሚበልጡት ሌላ ወጥመድ አላት። ጋሼ «ይቺ ልጅ እኮ ዛሬም ወጣች፣ አየሽልኝ?» ብለው ሲጽፉ ጥያቄ በጥያቄ አትመልስም፣ ነውር ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ለብቻዋ ጠርተው ቢነግሯት ትሰማዎታለች፤ ከኛ ሰው እርስዎን ነው የምታከብረው» ትላለች። ሽማግሌው ከሐሜተኛነት ወደ መካሪነት ተሾሙ። ከተሾሙ በኋላ ደግሞ ሹመቱን ጥሎ ወደ ሐሜት መመለስ ያሳፍራል።

በክፍሉ ግሩፕ ላይ ግን ቃል አትተነፍስም። ሃያ ሰው ፊት የታረመ ሰው ወሬውን ትቶ ክብሩን መከላከል ይጀምራል፤ እሱ ደግሞ ለኛ የሳምንት ስንቅ ነበር። በግል ገብታ ስለ ሌላ ሥራ ትጠይቀዋለች፣ የግሩፑ ወሬ ነዳጁን ይጨርሳል።

አንድ ቦታ ብቻ ዘዴውን ትተዋለች። የመጣው ነገር ስለ ገንዘብ መጉደል፣ ወይም አለቃ ሠራተኛዋን ስለማስቸገሩ ከሆነ ወሬውን አታስቀይርም፤ «ይህ ለኔ የሚነገር አይደለም፤ ቀኑን ጻፈውና ለሚመለከተው አቅርብ፣ ከፈለግክ አብሬህ እሄዳለሁ» ትላለች። እዚያ ላይ እኛም ብንሆን ጉዳዩን ለመቀባበል አንደፍርም፤ ምስክር ሆናችሁ ቅረቡ የሚባል ነገር ይመጣል።

ወደ ሰኔው ግድያ እንመለስ። ሁሉ ነገር ያለቀው 8፡52 ላይ ነው፣ በ12 ደቂቃ። በወጉ ቢያዝ ሐምሌን የሚሻገር ወሬ ነበር። ሰውዬው አሁን የፈቃድ ማመልከቻ እያሰበ ነው፤ ልጅቷ ለምን በ8 ሰዓት ተኩል እንደወጣች የጠየቀ የለም። ሰርቪሱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል፣ እስከ ቤት አንድ ሰዓት ሙሉ መንገድ አለ። ምን እያወራን እንሂድ?