ከቅናሹ በፊት ካሬው ይጣራ

የንብረት ግብርን ቀድሞ ለሚከፍል ሰው ቅናሽ መስጠቱን አልቃወምም። ከፋዩን የሚያጣድፍበት መንገድ ግን ያሳስበኛል። በግብር ማስታወቂያው ላይ ጎልቶ የሚታየው የቅናሹ መቶኛና የመጨረሻው ቀን ሲሆን፣ ግብሩ የተሰላበት የቦታ ስፋት ብዙ ጊዜ ከታች በደቃቅ ፊደል ይሰፍራል።

ስሌቱ ራሱ ከባድ አይደለም። የቦታው ስፋት በቀጠናው ተመን ይባዛል፤ በሕንፃው ግምት ላይ የተወሰነው መቶኛ ይታሰባል፤ ሁለቱ ይደመራሉ። የገንዘቡን ዓይነት ትተን ቁጥሩን ብቻ እንያዝ። በ200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ተመኑ በካሬ 12 ቢሆን 2,400 ይመጣል። ሕንፃው 800,000 ተገምቶ 0.2 በመቶ ቢታሰብበት 1,600 ይሆናል። ድምሩ 4,000 ነው። የ5 በመቶ ቅናሹ 200 ስለሚያስቀር፣ ቀድሞ የመጣው ባለንብረት 3,800 ከፍሎ ደስ ብሎት ይመለሳል።

ይዞታው ሲለካ ግን 180 ካሬ ሆኖ ቢገኝስ? ትክክለኛው ግብር 3,760 ነበር። በትክክለኛው ልኬት ያለ ምንም ቅናሽ የሚከፍለው ሰው፣ ቸኩሎ በቅናሽ ከከፈለው 40 ያነሰ ይከፍላል ማለት ነው። መዝገቡ እስካልታረመ ድረስ ይህ ትርፍ ክፍያ በየዓመቱ ይደገማል።

እንዲህ ያለው ስህተት ከሰማይ አይወርድም። መንገድ ሲሰፋ የተቆረጠው ቦታ ከመዝገብ ሳይቀነስ ይቀራል። በሩ ወደ ውስጥ መንገድ የሚከፈት ይዞታ በዋናው መንገድ ቀጠና ይመደባል። የሕንፃው ዕድሜ ሳይታሰብ የአዲስ ግምት ይሰጠዋል። ባለንብረቱ ማድረግ ያለበት በማስታወቂያው ላይ ያለውን ካሬ ከይዞታ ማረጋገጫው ፕላን ጋር፣ ተመኑን ደግሞ ከቀጠናው ካርታ ጋር ማስተያየት ነው፤ ለዚህም ጊዜ ያስፈልገዋል።

በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ቅናሹ በአንድ ቀን አይዘጋም፤ በኖቬምበር 4 በመቶ ይሆንና በየወሩ በአንድ እየቀነሰ በፌብሩዋሪ 1 በመቶ ላይ ይደርሳል። አንድ ወር ወስዶ ያጣራ ሰው ሁሉንም አያጣም። እኔ ግን ከዚህም አንድ እርምጃ ማለፍ ይገባል ባይ ነኝ። ቅሬታውን ከቀነ ገደቡ በፊት ያቀረበ ሰው ያልተከራከረበትን 3,760 ከነቅናሹ፣ ማለትም 3,572 ይክፈል፤ ከ4,000ው የቀረው አከራካሪው 240 ውሳኔ እስኪያገኝ ይቆይ። ቅሬታው ውድቅ ከሆነ 240ውን ያለ ቅናሽ ይከፍላል። ጉዳቱ 12 ብቻ ነው፤ ግብር ሰብሳቢው ግን አብዛኛውን ገንዘብ በጊዜው አግኝቷል።