የሙከራ ጊዜው የሚያልቅበት ቀን ይጻፍ

«ጋሼ፣ የቅጥር ደብዳቤ ሰጡኝ። የሙከራ ጊዜው ሦስት ወር ነው ይላል። መልቀቅ ከፈለግኩ ደግሞ ሁለት ወር ቀድሜ ማሳወቅ አለብኝ። ልፈርም?»

የጓደኛዬ ልጅ ናት። በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ልትቀጠር ነው። «ፈርሚ፤ ግን መጀመሪያ አንድ ቀን አስጽፊበት» አልኳት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም ይላል። የሚቆጠረው ሥራ ከተጀመረበት ቀን አንስቶ ነው። ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። እስቲ እንቁጠረው። ሰኞ ሥራ የጀመረች፣ በሳምንት ስድስት ቀን የምትሠራ ልጅ፣ በመሃል በዓል ካልገባ፣ 60ው ቀን የሚሞላላት በአሥረኛው ሳምንት ቅዳሜ ነው። አምስት ቀን ብቻ የምትሠራ ከሆነ በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ሦስት ወር ሳይደርስ ያልቃል። ውል ደግሞ ሠራተኛውን ሕጉ ከሰጠው በታች ማውረድ አይችልም። ስለዚህ ከ60ው ቀን የተረፈው ጊዜ፣ ደብዳቤው ምንም ቢል፣ ሙከራ አይደለም።

እነዚህ ጥቂት ሳምንታት ቀላል አይምሰሏችሁ። በሙከራ ጊዜ ውስጥ ድርጅቱ «ለሥራው ብቁ አልሆንሽም» ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ካሳ ሊያሰናብታት ይችላል። እሷም ሳታስጠነቅቅ መውጣት ትችላለች። ቀኑ ካለፈና ሥራዋ ላይ ከቀጠለች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ውሏ ሙከራው ከተጀመረበት ቀን ጀምሮ እንደጸና ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ለማሰናበት በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። ስንብቱ በማስጠንቀቂያ ከሆነም፣ አገልግሎቷ ዓመት እስኪሞላ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣታል።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት «ሙከራውን አላለፍሽም» የሚል ወረቀት ይሰጣታል። ልጅቷ ደብዳቤዋን ታያለች፤ ሦስት ወር ይላል። ስለዚህ አምናው ትሄዳለች። ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የመጠየቅ መብት ውሉ ከተቋረጠ ከሦስት ወር በኋላ በይርጋ ይታገዳል። ቤቷ ቁጭ ብላ ስታዝን ጊዜው ያልፋል። ለዚህ ነው ደብዳቤው ላይ «ሦስት ወር» ወይም «60 ቀን» ከማለት ይልቅ የመጨረሻው ቀን ራሱ፣ ከነወሩና ከነዓመተ ምሕረቱ፣ ይጻፍ የምለው። በዓል ቢገባ፣ የቅዳሜ ግማሽ ቀን ቢኖር፣ ቆጠራው መጀመሪያውኑ ተሠርቶ ያልቃል። አሠሪውም ቢሆን ሰውየውን መቼ መገምገም እንዳለበት ያውቃል።

ወደ ማስጠንቀቂያው ልምጣ። ሙከራዋን የጨረሰች ሠራተኛ በገዛ ፈቃዷ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይበቃታል። ሳትሰጥ ብትወጣ እንኳ ለአሠሪው የምትከፍለው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። «ሁለት ወር ካልሰጠሽ የሁለት ወር ደመወዝ ትከፍያለሽ» የሚል አንቀጽ የሚሠራው ለማስፈራራት ብቻ ነው። በዚህ ፍርሃት የተሻለ ሥራ ያመለጣቸው ልጆች አውቃለሁ፤ በጣም ያናድደኛል።

ደመወዙ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኳት፤ ያልተጣራ ነው የተጣራ? አልተጻፈም ነበር። ያልተጣራ ከሆነ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቀነስበታል። በቃል የተነገራት ቁጥርና ወር ላይ የሚደርሳት ገንዘብ ሊራራቁ ይችላሉ ማለት ነው።

የሥራ ዝርዝሩ ግን አሳሰበኝ። «ሒሳብ መመዝገብና ሌሎች ከኃላፊ የሚታዘዙ ሥራዎችን መሥራት» ይላል። አንድ ቀን ገንዘብ ያዡ ሲቀር «ለዛሬ ካዝናውን ያዢልን» ትባላለች። ዛሬው ወር ይሆናል። ጉድለት ሲገኝ መዝጋቢዋም ያዥዋም እሷው ናት፤ ማን ምን እንደተረከበ የሚያሳይ ሰነድ የለም። ሒሳብ የሚመዘግብ ሰው ጥሬ ገንዘብ መያዝ የለበትም፤ ይህን የሒሳብ ሰዎች ራሳቸው ያውቁታል። ስለዚህ «ጥሬ ገንዘብ መረከብን አይጨምርም» የምትል አጭር ሐረግ ትግባ አልኳት።

ይህ ሁሉ የግል ድርጅት ተራ ሠራተኛን ይመለከታል። የመንግሥት ሠራተኛና የሥራ መሪ የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው።

ልጅቷ በማግስቱ ደብዳቤውን ይዛ ተመለሰች። የሰው ኃይል ኃላፊዋ አልተቆጣችም። ካላንደር አውጥታ አብረው ቆጠሩ። ሦስት ወር የሚለውን ሰርዛ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፈች፤ ሁለት ወር የሚለውንም ወደ 30 ቀን አስተካከለች። ሁለቱም በሁለቱ ቅጂ ላይ ከስርዙ አጠገብ ፈረሙ። የካዝናውን ነገር «ሥራ አስኪያጁን ልጠይቅ» ብላታለች። እስካሁን መልስ አልመጣም።