ሳቁ ባሕር ማዶ ሲቀር

«ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛ የምትመጣውን ቀልድ አገር ቤት ላለችው እናቴ በስልክ እተረጉምላታለሁ። ልጄ በሳቅ ትሞታለች፣ እናቴ ግን ዝም ትላለች። ሳቁ የት ነው የሚገባው?»

ሳቁ ያለው ቃሉ ድምፅ ውስጥ ነው፣ እህቴ። ስንተረጉም ደግሞ ትርጉሙን አንሥተን ድምፁን ጥለነው እንሄዳለን።

እዚህ ውጭ አገር ትንሽ ትልቁ የሚያውቀውን አንድ የሕፃናት ቀልድ እንይ። ጠያቂዋ «ሲክስ ሰቨንን ለምን ይፈራዋል?» ትላለች። መልሱ «ሰቨን ኤይት ናይን!» ነው። እንደ ቆጠራ ከሰማነው ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ነው። እንደ ወሬ ከሰማነው ደግሞ ሰባት ዘጠኝን በላው ማለት ነው። በእንግሊዝኛ «ስምንት» እና «በላ» ሲጻፉ ይለያያሉ፣ ሲነገሩ ግን አንድ ናቸው። ቀልዱ የቆመው በዚህ ግጥምጥሞሽ ላይ ብቻ ነው።

አማርኛ ውስጥ ስምንትንና መብላትን የሚያገናኝ ድምፅ የለም። «ሰባት ዘጠኝን ስለበላው ነው» ብትያቸው እናትሽ የሚሰሙት ቁጥር ቁጥርን በላ የሚል ግራ የገባው ወሬ ነው። «እንግሊዝኛው እኮ…» ብለሽ ስታስረጂ ነገሩ ይገባቸዋል፣ ግን አይስቁም። እንዲህ ያለው ቀልድ የሚያስቀው ጆሮ ሁለቱን ትርጉም በአንድ ቅጽበት ሲይዝ ነው። ማብራሪያ አንዱን ያስቀድማል፣ ሌላውን ያስከትላል። ቅጽበቷ እዚያ ታልፋለች።

ስለዚህ «ምን ይላል?» የሚለውን ትተን «ምን ይሠራል?» ብለን እንጠይቅ። ይኼ ቀልድ የሚሠራው ብዙ አይደለም። ልጅ አዋቂን በጥያቄ ታጠምዳለች። ቁጥሮች ሰው ይሆናሉ፣ አንዱ ሌላውን ያጠቃል። መልሱ ደግሞ ሁላችንም በቃል የምንወርደው ቆጠራ ሆኖ ይገኛል። ይህን የሚሠራ ሌላ ቀልድ ካገኘን መብላቱ ቢቀርም ግድ የለም።

አሁን የአማርኛ ቁጥሮችን ጮክ ብለሽ ጥሪያቸው። እንዲህ ያለ ቀልድ የሚገኘው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። ስድስት ላይ ስትደርሺ «ስድ» የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ። ወዲያው አንድ ቀልድ ይወጣል። «ሰባት ከስድስት ጋር ለምን አይጫወትም?» «ስድ ነዋ!» ጥሩ ነው፣ ቁጥሮቹም እዚያው ስድስትና ሰባት ናቸው። ግን ቆጠራው ጠፍቷል። ስድስት የተሰደበው በስሙ የመጀመሪያ ድምፅ ነው እንጂ በተራው ምክንያት አይደለም።

ቁጠራሽን ቀጥዪና መቶ ድረሺ። «ዘጠና ዘጠኝ ለምን ያለቅሳል?» «መቶ መቶት!» እኔ የምመርጠው ይኼንን ነው። ጥቃቱ አለ፣ መብላቱ መምታት ሆነ እንጂ። ተራውም አለ፣ ምክንያቱም ከዘጠና ዘጠኝ በኋላ የሚመጣው መቶ ራሱ ነው። መልሱም አጭር ነው፣ ሁለት ቃል ብቻ።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልገዋል። ቁጥሩ «መቶ» ላልቶ ነው የሚነበበው፣ ድብደባው «መቶት» ደግሞ ጠብቆ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ በጽሑፍ ሁለቱ መንታ ይመስላሉ፣ በአፍ ግን ትንሽ ይለያያሉ። በእንግሊዝኛው የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነበር። በስልክ ስትነግሪያቸው ሁለቱን ቃላት ሳትቆራርጪ፣ ፈጠን አድርገሽ በያቸው። በጽሑፍ ከላክሽው ደግሞ «መትቶት» ብለሽ ሙሉውን አትጻፊ። አጻጻፉ ልክ ነው፣ ቀልዱን ግን ይገድለዋል።

የትኛው እንደሚሻል አንዳንዴ የሚወስነው በቀልዱ ዙሪያ ያለው ነገር ነው። ልጅሽ ስድስትና ሰባትን ሥላ በቪዲዮ እያሳየቻቸው ከሆነ መቶ አይሠራም፣ ወደ ስድስት እንመለሳለን። በሥዕሉ ላይ ስድስት እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ግን ይኼም አይሆንም። የእኛ ስድስት ፈሪ ሳይሆን ባለጌ ነውና።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ ሌላ ችግር ይመጣል፣ እኔን ይበልጥ የሚቆረቁረኝም እሱ ነው። አገር ቤት በቃል መጫወት ክብር አለው። ኅብረ ቃል ያለው ንግግር ሲነገር ሰሚው ሰሙን አልፎ ወርቁን ይፈልጋል፣ ያገኘ ይረካል፣ ተናጋሪውም ይደነቃል። እዚህ ግን በቃል ድምፅ የሚቀልድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ማቃሰት ነው። «ኧረ በናትህ!» ዓይነት። ስለዚህ የአንድ አዋቂ ሰው ቅኔያዊ ንግግር በእንግሊዝኛ በቃል ጨዋታ ሲተካ ሰውየውን ቀላል ያስመስለዋል። ያኔ የድምፅ ጨዋታውን ትቶ በሁለት በኩል በሚተረጎም የረጋ አባባል መተካት ይሻላል። ሥራው ማሳቅ ሳይሆን ሰሚውን ማሳሰብ ስለነበር።

ቀለል ላለው ጨዋታ ግን መንገድ አለ። ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው «በቀጥታ ወደ ዋናው እንግባ» ይላል። አንዱ «እኔ ዋና አልችልም» ብሎ ይመልሳል። ጠብቆ የተነገረውን በላላው መለሰው ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ጉዳዩና መዋኘቱ በአንድ ቃል አይገናኙም። ሆኖም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሥራ ሲጀምር «ሌትስ ዳይቭ ኢን» ይላል፣ ዘለን ውኃ ውስጥ እንግባ እንደማለት። ሰብሳቢውን ይህን አስብይው፣ መልሱን «አይ ካንት ስዊም» አድርጊው። መልሱ ሳይነካ ተሻገረ፣ የተቀየረው መንደርደሪያው ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚታገለው ከመጨረሻዋ ቃል ጋር ነው። አንዳንዴ ግን መፍትሔው ከእሷ በፊት ባለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

ተተኪው መሥራቱን ለማወቅ ዋናውን ቀልድ ለማያውቅ ሰው፣ ትርጉም መሆኑን ሳትናገሪ ንገሪው። «እና ከዚያስ?» ካለ አልሠራም። ካንቺ ዘግይቶ በይሉኝታ ፈገግ ካለም አልሠራም።

ጊዜ በሌለበትስ? የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ጃፓን ውስጥ ንግግር ሲያደርጉ የደረሰባቸውን ተናግረዋል። አጭር ቀልድ ቢናገሩ ተሰብሳቢው ከጠበቁት በላይ ሳቀ። አስተርጓሚውን ምን ብሎ እንደተረጎመው ቢጠይቁት፣ ፕሬዚዳንቱ የሚያስቅ ነገር ተናግረዋል፣ ሁላችሁም ሳቁ ማለቱን ነገራቸው። ቀልዱ የተነገረው ተሰብሳቢውን ዘና ለማድረግ ነበር፣ እሱም ተሳክቷል።

ሐኪም ፊት ወይም ፍርድ ቤት ለወላጆቻችን ስናስተረጉም ግን ቀልድ መተካት የለብንም። እዚያ የሚፈለገው ሳቅ ሳይሆን ሰውየው ያለው ነገር ነው። «በቃል እየተጫወቱ ነው፣ ይህች ቃል ሁለት ትርጉም አላት፣ እነሱም እነዚህ ናቸው» ብሎ ሁለቱንም መናገር ነው። ሐኪሙ ያመማቸውን ከቀለዱት መለየት አለበት።